ዝም ያለው ጠርሙስ፦ ወይን ሲበላሽ ይሉኝታ ለምን ያስከፍላል?

ሆቴል ውስጥ አንድ ጠርሙስ ወይን ሲታዘዝ የሚፈጸም ትንሽ ሥርዓት አለ። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ያሳያል፣ ቡሹን ይነቅላል፣ ላዘዘው ሰው ከብርጭቆው ግርጌ ትንሽ ይቀዳለትና ቆሞ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት ብዙ ሰው ይጨነቃል። ስለ ወይን ያለው እውቀት በጓደኞቹ ፊት የሚመዘን ይመስለዋል። ስለዚህ ቶሎ ፉት ይልና ራሱን ነቅንቆ «ጥሩ ነው፣ ቅዳ» ይላል።

የቀረበለት ጥያቄ ግን «ወደድከው ወይ?» የሚል አልነበረም። «ይህ ጠርሙስ ደህና ነው ወይስ ተበላሽቷል?» የሚል ነው። ያቺ ጉንጭ የማትሞላ ወይን የምትቀዳው አንድ የታወቀ ብልሽት ስላለ ነው። ብልሽቱ የቡሽ ብልሽት ይባላል። ከውጭ ሲታይ ጠርሙሱ ምንም አይለውም። የወይኑ ቀለም አይለወጥም፣ አይደፈርስም፣ አረፋ አያወጣም። የሚታወቀው በአፍንጫ ብቻ ነው።

ብልሽቱን የማያውቅ ደንበኛ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የተበላሸ ነገር ይጠጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጥፋቱን የሚያሳርፈው በተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። «ይሄ ወይን አይረባም» ይልና ያንን ስም ዳግም አያዝዝም። ወይም «እኔ ወይን አይገባኝም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ሁለቱም ፍርዶች ስህተት ናቸው።

በረኪና፣ ሻጋታ እና የዛፍ ቅርፊት

የወይን ጠርሙስ የሚደፈንበት ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ በምዕራብ ሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበቅል የባሉጥ ዓይነት ሲሆን፣ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ ከፖርቱጋል ይወጣል። ዛፉ አይቆረጥም፤ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መልሶ ሲወፍር እንደገና ይላጣል። ለወይን የሚሆን ጥሩ ቡሽ የሚገኘው ከሦስተኛው ልጥ ጀምሮ ነው። ያኔ ዛፉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ዝናብ፣ አፈር፣ ነፍሳትና ሻጋታ ሲፈራረቁበት የኖረ ቅርፊት ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ብዙ ናቸው፣ በእያንዳንዳቸውም የሻጋታ ዘር ሊቀመጥ ይችላል።

ሻጋታ ብቻውን ግን ብልሽቱን አያመጣም። ሁለተኛ ነገር ያስፈልገዋል፤ እሱም ክሎሪን ያለበት ውህድ ነው። ይህ ከየት ይመጣል ቢባል፣ አንዱ ምንጭ በየቤቱ የሚታወቀው በረኪና ነው። የቡሽ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ቡሹ ነጣ ብሎ እንዲያምር በክሎሪን ያጥቡት ነበር። የወይን ጠማቂዎችም ወለልና በርሜል በዚያው ያጸዱ ነበር። ሌላው ምንጭ እንጨት እንዳይነቅዝና እንዳይሻግት ይቀባ የነበረው ክሎሪን ያለበት መድኃኒት ነው። ክሎሪን ከእንጨትና ከቅርፊት ውስጥ ካሉ ፌኖል ከሚባሉ ነገሮች ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል የሚባል ውህድ ይፈጠራል። ይህ ለሻጋታው መርዝ ነው።

ሻጋታው ዝም ብሎ አይሞትም። መርዙን ለራሱ ወደማይጎዳው ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ያ አዲስ ነገር ትራይክሎሮአኒሶል ነው፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ባጭሩ ቲሲኤ ይባላል። በቀላል አነጋገር ሻጋታው ራሱን ለማዳን የጣለው ቆሻሻ ነው ጠርሙሱን የሚያበላሸው። ቡሹ ተቆርጦ፣ ተቀቅሎ፣ ሻጋታው ራሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ቲሲኤ በቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። ቡሹ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲገባ ወይኑ ቀስ በቀስ ያወጣዋል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት የብልሽቱን ዋና ምክንያት በስሙ እስኪለዩት ድረስ፣ የወይን ሰዎች «የቡሽ ሽታ» እያሉ ያማርሩ የነበረው ምን እንደሆነ በትክክል አያውቁም ነበር።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው መጠኑ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሊትር ወይን ውስጥ ከ2 እስከ 5 ናኖግራም ቲሲኤ ሲኖር ማሽተት ይችላል። ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በ4 ናኖግራም ብናሰላው፣ 750 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለማበላሸት 3 ናኖግራም ይበቃል ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ከ300 ሚሊዮን በላይ ጠርሙሶችን ያዳርሳል። ስለዚህ «ጠማቂው ንጽሕና ቢጠብቅ ኖሮ አይበላሽም ነበር» ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። በደንብ የተጠመቀ ውድ ወይንም በአንድ ክፉ ቡሽ ይበላሻል፣ ከጎኑ ያለው ጠርሙስ ግን ደህና ይሆናል። በቡሽ ከተደፈኑ 100 ጠርሙሶች ምን ያህሉ ይበላሻሉ ለሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ1 እስከ 5 ነው። ለጤና ግን የሚያሰጋ ነገር አይደለም። በዚህ መጠን ማንንም አያሳምምም፤ የሚዘርፈው ጣዕምን ነው።

ይህ ሽታ ለኢትዮጵያ ቡና ሰዎችም ባዕድ አይደለም። በብራዚል ቡና ላይ «ሪዮ» እየተባለ የሚጠራው መጥፎ ጣዕም ዋና ምክንያቱ ይኸው ቲሲኤ መሆኑ ተረጋግጧል። ቡና ቀማሽ የሻጋታ ጣዕም ያለው ናሙና ሲያገኝ ምልክት አድርጎ ይጥለዋል። ማንም «አጉል ተመጻደቀ» አይለውም፤ ሥራው ነውና። በወይን ጠረጴዛ ላይ ያች ጉንጭ የማትሞላ ወይን ስትቀዳ ደንበኛው ለአፍታ የሚይዘው ይህንኑ የቀማሽ ወንበር ነው።

ሁለት ዓይነት የተበላሸ ጠርሙስ

ክፉኛ የተበላሸው ጠርሙስ ለመለየት አያስቸግርም። ብርጭቆው ወደ አፍንጫ ሲቀርብ የራሰ ካርቶን ይሸታል። ክረምት ላይ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ፣ ዝናብ የገባበት ምድር ቤት፣ የራሰ ውሻ፣ ያረጀ እርጥብ ጋዜጣ፤ እነዚህ ሁሉ የሚገልጹት አንድ ሽታ ነው። ይህን አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። በትንሹ የተነካው ጠርሙስ ሻጋታ አይሸትም። እንዲያውም ምንም አይሸትም። ወይኑ ዝም ይላል። የፍሬው መዓዛ ጠፍቷል፣ ጣዕሙ አጭር ነው፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ላይ የሚቀረው ምሬትና ኮምጣጣነት ብቻ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ይህ ለምን እንደሚሆን አሳይቷል። ቲሲኤ የራሱን ሽታ ከመጨመር አልፎ የአፍንጫን የማሽተት ሕዋሳት ያፍናል። በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ምልክት የሚያስተላልፉትን በሮች ይዘጋቸዋል። ስለዚህ መዓዛው ወይኑ ውስጥ ቢኖርም ለጠጪው አይደርሰውም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ዝም ባለው ጠርሙስ ነው። ሻጋታ የሸተተውን ሰው ይመልሰዋል፤ ዝም ያለውን ግን «እንግዲህ ይሄው ነው» ብሎ ይጠጣዋል።

በአንድ ማዕድ ላይ

አንድ የተለመደ ማዕድ ይታሰብ። ስድስት ሰዎች ለምርቃት ተሰብስበው አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓመት ምርት የሆነ ቀይ ወይን ሁለት ጠርሙስ ያዝዛሉ። የመጀመሪያው ይከፈታል። ታላቅየው ፉት ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ይቀዳል፣ እንኳን ደስ አለህ ይባላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዷ «ይሄ ወይን ውኃ ውኃ አላለም?» ትላለች። ሌላው «ቀይ ወይን እንዲህ ነው፣ ደረቅ ስለሆነ ነው» ይላታል። ወሬው ይቀጥላል፣ ጠርሙሱ ግን አያልቅም።

ሁለተኛው ጠርሙስ ሲከፈት ግን ሁሉም ቀና ይላል። የእንጆሪና የቅመም መዓዛ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ጠርሙሱ ያው ነው፣ ወረቀቱ ያው ነው፣ ዓመቱም ያው ነው። ያኔ ልጅቱ ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ታሸታለች። የሁለተኛው ፍሬ ፍሬ ይላል። የመጀመሪያው፣ አሁን ማነጻጸሪያ ሲገኝለት፣ ጭራሽ ካርቶን ካርቶን ይላል።

አስተናጋጇን ትጠራታለች። «የኔ እህት፣ ይቅርታ፣ ይሄኛው ቡሹ ያበላሸው ይመስለኛል። እስቲ አንቺም ከዚህኛው ጋር አሽቺው።» ጠርሙሱ ውስጥ ገና ከግማሽ በላይ አለ። አስተናጋጇ ታሸታለች፣ ኃላፊውን ትጠራለች፣ ኃላፊው አሽትቶ ይቀይራል። ጩኸት የለም፣ ክርክር የለም።

በዚህ ማዕድ ላይ ነገሩን የፈታው የማንም ሰው የወይን እውቀት አልነበረም። የፈታው ማነጻጸር ነው። ለተጠራጠረ ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ያንኑ ወይን ከሌላ ጠርሙስ ማሽተት።

ማሽተት እንዴት ነው?

ሁለተኛ ጠርሙስ በሌለበትም መለየት ይቻላል፤ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ማሽተት ወሳኙ ነው። አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምድና ቲሲኤም ስለሚያፍነው፣ ደጋግሞ ያሸተተ ሰው ብልሽቱ የተሻለው ይመስለዋል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ማሽተት፣ ከዚያ ፊትን አዙሮ ንጹሕ አየር ስቦ እንደገና መመለስ ይበጃል።

ቡሹን ራሱን ማሽተት ግን አይጠቅምም። ደህና ቡሽም እንጨት እንጨት ይላል፣ መጥፎውም አንዳንዴ ምንም አይልም። የሚሸተተው ወይኑ ነው። ነጭ ወይን በጣም ቀዝቅዞ ከመጣ ሽታው ይደበቃልና ብርጭቆውን በመዳፍ አቅፎ ትንሽ ማሞቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ብርጭቆውን አሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። አንዳንድ ደህና ወይን ገና ሲከፈት ክብሪት ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ያ አየር ሲያገኝ ይጠፋል፤ ወይኑም ይከፈታል። የቡሽ ብልሽት ግን አየር አያድነውም። እንደነበረ ይቆያል ወይም ጭራሽ ጎልቶ ይወጣል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተሻለው ወይን ጤነኛ ነው፣ የባሰው ይመለስ።

የሚመለሰውና የማይመለሰው

የሻጋታ ወይም የራሰ ካርቶን ሽታ ያለው ጠርሙስ ይመለሳል። ኮምጣጤ የሆነ፣ ወይም ሙቀት መትቶት እንደተቀቀለ ፍሬ የሚል ወይንም እንዲሁ፤ እነዚህ የቡሽ ብልሽት ባይሆኑም ብልሽት ናቸው። ጊዜው ወዲያው ነው። ከተቀዳ በኋላ ቀስ ብሎ የተገለጠም ቢሆን በተገለጠበት ቅጽበት መናገር ይገባል። ሦስት አራተኛውን ጠጥቶ «ተበላሽቶ ነበር» ማለት ግን ማንንም አያሳምንም፤ ማሳመንም የለበትም።

ከሱቅ የተገዛ ጠርሙስም ይመለሳል። ወይኑን ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ቡሹን መልሶ ከደረሰኙ ጋር ይዞ መሄድ ነው። ሻጩ አሽትቶ እንዲፈርድ ማስረጃው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወይን ነውና። በብርጭቆ የሚሸጥ ወይን ላይም መናገር ያስፈልጋል። ከዚያ ጠርሙስ ከሌሎች ጠረጴዛዎች ላይም ሊቀዳ ይችላል።

የማይመለሰው ደግሞ ይህ ነው። ብርጭቆው ላይ የተንሳፈፈ የቡሽ ፍርፋሪ የአከፋፈት ችግር እንጂ የወይን ብልሽት አይደለም። ከነጭ ወይን ግርጌ የተገኘ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ጠጠር ከወይኑ የራሱ አሲድ የተፈጠረ ነው፤ አይጎዳም። የቀይ ወይን አተላም ጤነኛ ነው። ከሁሉም በላይ «አልወደድኩትም» ምክንያት አይሆንም። ጣፋጭ ወይን የለመደ ሰው ደረቅ ወይን አዝዞ «ኮመጠጠኝ» ቢል የተበላሸ ነገር የለም፤ ያልታወቀ ምርጫ ነው ያለው። እንግዳ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጠርሙስ ሆቴሉ የመተካት ግዴታ የለበትም። አሥርና ሃያ ዓመት የቆየ ጠርሙስ የሚገዛም በአብዛኛው አደጋውን ራሱ ወስዶ ነው።

ኪሳራው የማን ይሁን?

«ይህን መብት ለደንበኛ ማስተማር ሆቴሎችን ማክሰር ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። የሚጣል ክርክር አይደለም። ሁሉም ደንበኛ ሐቀኛ አይደለም፣ ጠርሙሱም ርካሽ አይደለም። መልሱ ግን ቀላል ነው፤ ኃላፊው አፍንጫ አለው። አሽትቶ መፍረድ ይችላል። ቢጠራጠር ያንኑ ወይን ሁለተኛ ጠርሙስ ከፍቶ ያወዳድር። ደንበኛው ሁለተኛውንም «ተበላሽቷል» ካለ፣ ችግሩ በአብዛኛው የጠርሙስ ሳይሆን የምርጫ ነውና ሌላ ዓይነት ይጠቁመው። የተመለሰው ጠርሙስም ወዲያው መደፋት የለበትም። አስተናጋጆች ሁሉ አሽትተውት ቢያልፉ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አያገኙም።

አንድ ነገር ግን መታሰብ አለበት። የተመለሰ ጠርሙስ ዋጋ ከአስተናጋጅ ደሞዝ የሚቆረጥበት ቤት ካለ፣ የደንበኛው ይሉኝታ ምክንያት አለው ማለት ነው። ማንም ሰው በአንዲት ልጅ ደሞዝ ላይ ተጣልቶ ወይን መጠጣት አይፈልግም። ቡሹን ያልመረጠች፣ ወይኑን ያልጠመቀች፣ ጠርሙሱን ያላስመጣች ሠራተኛ የምትከፍልበት ምክንያት የለም። ኪሳራው ወደ መጣበት መንገድ ነው መመለስ ያለበት፤ ከሆቴሉ ወደ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩ ወደ አስመጪው፣ ከአስመጪው ወደ ጠማቂው። በወይን የቆዩ ገበያዎች ላይ አከፋፋይ የተበላሸ ጠርሙስ መተካት የተለመደ ነው። አንድ ሆቴል ከአከፋፋዩ ጋር ሲዋዋል ይህችን አንድ መስመር ማስገባት አለበት። ደንበኛም ቢሆን ነገሩን በአስተናጋጇ ላይ ጥሎ ከመሄድ ኃላፊውን አስጠርቶ በትህትና ቢናገር ልጅቷን ከተጠያቂነት ያድናታል።

መመለስ ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል። ቅሬታ በበዛ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2000 የአውስትራሊያ ክሌር ሸለቆ ጠማቂዎች ቡሽን ትተው ነጭ ወይናቸውን በሚጠመዘዝ ቆርኪ ማሸግ ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት የኒውዚላንድ ጠማቂዎች ተከተሉ፤ ዛሬ አብዛኛው የኒውዚላንድ ወይን በቆርኪ ነው። ገበያ ያመለጣቸው የቡሽ ፋብሪካዎችም ነቁ። በክሎሪን ማጠብ ቀረ። አንዳንዶቹ ቡሹን ፈጭተው፣ ካፌይን ከቡና በሚወጣበት በታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥበው መልሰው ያጣብቁታል። ሌሎቹ ለውድ ወይን የሚሆነውን ቡሽ አንድ በአንድ በመሣሪያ ያስፈትሻሉ። ብልሽቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም ግን። የሚጠመዘዝ ቆርኪም ሙሉ ዋስትና አይደለም። የጠማቂው ቤት ጣሪያ እንጨት ወይም በርሜል ራሱ ከተበከለ ቲሲኤ በአየር ተጉዞ ወይኑን ገና ጠርሙስ ሳይገባ ያገኘዋል። ያኔ የሚበላሸው አንድ ጠርሙስ ሳይሆን ሙሉው ምርት ነው።

ይህ ሁሉ የተለወጠው ጠጪዎች ዝም ስላላሉ ነው። ዝም ያለ ደንበኛ ማንንም የጠቀመ አይመስለውም እንጂ የሚጠቅመው አለ፤ ክፉውን ቡሽ የሸጠውን ነው። የሚጎዳው ደግሞ ራሱን፣ ከዚያ ያለ ጥፋቱ ስሙ የጠፋውን ጠማቂ ነው። አስተናጋጁ ትንሽ ቀድቶ ቆሞ ሲጠብቅ ከደንበኛው የሚፈለገው የወይን ሊቅነት አይደለም። አንዴ በደንብ ማሽተት፣ የራሰ ካርቶን ከሸተተም «ይሄ ትክክል አይመስለኝም፣ እስቲ አንተም አሽትተው» ማለት ብቻ ነው።